ከውድድሩ በፊት የተገኘች አንዲት `=`

ቁጥር የሚደረድረው ኮድ ልክ ነበር። ማለቴ፣ መልሱ ሁልጊዜ ልክ ነበር። ተማሪዋ ለሳምንታት ስትሞክረው አንድም ጊዜ የተዛባ ውጤት አላወጣላትም። ጉዳዩን ለመጻፍ ያነሳሳኝም ይኸው ነው። የተሳሳተ መልስ የሚሰጥ ባግ ቶሎ ይያዛል። መልሱ ልክ ሆኖ ጊዜ የሚበላው ግን ተደብቆ ይቆያል።

ልጅቷ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። እኔ ከእሷ ቀድሜ የገባሁ፣ ቡድኗን ልምምድ ላይ የማግዝ ተማሪ ነበርኩ። ውድድሩ የዩኒቨርሲቲዎች ዓለም አቀፍ የፕሮግራሚንግ ውድድር በሆነው በአይሲፒሲ መልክ የተዘጋጀ የውስጥ ማጣሪያ ነው። ሦስት ሰው፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አምስት ሰዓት። ጥያቄውን በመጨረሻ ከፈታችሁት፣ ከዚያ በፊት ለተጣለባችሁ ለእያንዳንዱ ሙከራ 20 ደቂቃ ቅጣት ይደመርባችኋል። የታተመ ወረቀት ይዞ መግባት ይቻላል፤ ኢንተርኔት ግን የለም። ስለዚህ ቡድኖች የሚያስፈልጋቸውን ኮድ ቀድመው አትመው ይገባሉ፣ እዚያ እያዩ ይተይቡታል።

አዘጋጆቹ አንድ ክልከላ ጨምረው ነበር፦ ዝግጁ የሆነውን የሲ ፕላስ ፕላስ `sort` መጠቀም አይቻልም፣ ራሳችሁ ጽፋችሁ ኑ። በዋናው አይሲፒሲ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ እዚያ `sort` ብሎ ማለፍ ነው። እዚህ ግን የዳታ ስትራክቸር መምህራኑ ተማሪው ውስጡን እንዲያውቀው ፈልገዋል። ቡድኑ ሥራ ሲከፋፈል መደርደሩ ለእሷ ደረሳት። ኩዊክሶርትን መረጠች።

ኩዊክሶርት ሐሳቡ ቀላል ነው። ከቁጥሮቹ አንዱን ትመርጣለህ፤ ፒቮት ይባላል። ከእሱ የሚያንሱትን ወደ ግራ፣ የሚበልጡትን ወደ ቀኝ ታደርጋለህ። ፒቮቱ መሃላቸው ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ከቦታው አይነቃነቅም። ቀጥሎ ግራውንም ቀኙንም ለየብቻ እንዲሁ ታደርጋለህ። ዋናው ሥራ ያለው ግራና ቀኝ የሚለየው ቦታ ላይ ነው፤ ፓርቲሽን የሚባለው እሱ ነው። የእሷ ይሄ ነበር፦

```cpp
int part(int l, int r) {
    swap(a[l], a[l + rng() % (r - l + 1)]);
    int x = a[l], i = l + 1, j = r;
    while (true) {
        while (i <= j && a[i] <= x) i++;
        while (i <= j && a[j] > x) j--;
        if (i > j) break;
        swap(a[i++], a[j--]);
    }
    swap(a[l], a[j]);
    return j;
}
```

`i` ከግራ ተነስታ ወደ ቀኝ ትሄዳለች፣ `j` ከቀኝ ወደ ግራ። `i` ከፒቮቱ የሚበልጥ ሲያጋጥማት ትቆማለች። `j` ደግሞ የማይበልጥ ሲያጋጥማት ትቆማለች። ሁለቱ ቦታ ይቀያየራሉ፣ ጉዞው ይቀጥላል። ሲተላለፉ ፒቮቱ `j` ያለችበት ቦታ ላይ ይቀመጣል። ደግማችሁ አንብቡት፤ ስህተት አታገኙበትም። ቁጥሩ ምንም ቢሆን በትክክል ይደረድራል።

ሙከራዋም የዋዛ አልነበረም። ባዶ ዝርዝር፣ አንድ ቁጥር፣ ቀድሞ የተደረደረ፣ በግልባጭ የተደረደረ፣ 100,000 በዘፈቀደ የወጡ ቁጥሮች፣ ሁሉንም ሞክራለች። የሚደጋገም ቁጥርም አልረሳችም፤ ከ0 እስከ 99 ብቻ የሚያወጣ ማመንጫ ጽፋ 100,000 ቁጥር አስደርድራለች። ሁሉም ዓይን እስኪጨፈን አለቀ።

ዓርብ ማታ ወረቀቱን ሊያትሙ ሲሉ የቡድኗ ልጅ፣ ከእሷ ኮድ ጋር ምንም ንክኪ የሌለው፣ ትከሻዋ ላይ ቆሞ እያየ፣ «እስቲ ሁሉም 7 የሆነ ፋይል ስጪው» አላት። የጠየቀው ባግ ጠርጥሮ አልነበረም። ኮዱ ሲያልፍ ማየት ሰልችቶት ነው።

100,000 ሰባት አስገባች። ስክሪኑ ቀጥ አለ። ጠበቁ። «ተሰቀለ» አለ ልጁ። ከስንት ሰከንድ በኋላ መልሱ ወጣ፦ 100,000 ሰባት፣ በትክክል ተደርድረው። የጊዜ ገደቡ አንድ ሰከንድ ነው።

መጀመሪያ የጠረጠረችው ንባቡን ነው። `cin` ዘገምተኛ ነው ይባላል፣ እውነትም ነው፤ `sync_with_stdio(false)` ጨመረች። ለውጥ የለም። ከዚያ ራሷው አንድ ነገር አስተዋለች፦ ያው 100,000 ቁጥር ያለው የዘፈቀደው ፋይል ወዲያው ይነበባል። እንዲያውም የሰባቱ ፋይል በባይት ያንሳል። ንባብ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም በዘገዩ ነበር። ይሄ አካሄድ ደስ ይለኛል። ኮድ ከመነካካት በፊት «ይሄ ቢሆን ኖሮ ሌላ ምን ይታይ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ሰዓት ያተርፋል።

የጠራችኝ እዚህ ላይ ነው። «ፒቮቱን በዘፈቀደ ነው የምመርጠው እኮ» አለችኝ፣ ክስ በሚመስል ድምፅ። «እንዴት ኤን ካሬ ሊሆን ይችላል?» ሥራው እንዴት በቁጥሮቹ ብዛት ካሬ ያድጋል ማለቷ ነው።

ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳታል። ኩዊክሶርት የሚዘገየው ፒቮቱ ሁልጊዜ ከዳር ሲወድቅ ነው ብለን እንማራለን፤ መድኃኒቱም በዘፈቀደ መምረጥ ነው እንባላለን። ልክ ነው፣ ቁጥሮቹ የተለያዩ ከሆኑ። ሁሉም 7 ሲሆኑ ግን የትኛውንም ብትመርጥ የምታገኘው 7 ነው። ዕጣ ማውጣቱ የሚመርጠው ነገር የለውም።

«ቁጠሪው» አልኳት። `a[i]` ወይም `a[j]` ከፒቮቱ ጋር በተነጻጸረ ቁጥር አንድ የሚጨምር ቆጣሪ አስገባች። ለ50,000 ሰባት 1,249,975,000 አሳየ። ለ100,000 ደግሞ 704,982,704። ግብዓቱ እጥፍ ሆኖ ቆጠራው ቀነሰ ማለት ነው። ለአፍታ ግራ ተጋባች። ከዚያ ሳቀች። ቆጣሪው `int` ነው፤ ከ2.1 ቢሊዮን በላይ አይዝም፣ ዞሮ ከታች ጀምሯል። `long long` ስታደርገው 4,999,950,000 ሆነ። አምስት ቢሊዮን ገደማ። ግብዓቱ እጥፍ ሲሆን ቆጠራው አራት እጥፍ፤ የኤን ካሬ ምልክቱ ይሄው ነው።

አምስት ቢሊዮን ቁጥር ግን ምክንያቱን አይናገርም። ስለዚህ ወደ ስምንት ሰባቶች ወረድን። ቆጣሪውን ትታ `part` የሚመልሰውን ቦታ ብቻ አሳተመች፦

```
7 6 5 4 3 2 1
```

ይህን መስመር ሳታየው ባጉን ለማስረዳት መሞከር ከባድ ነው። ካየኸው በኋላ ማስረዳት አያስፈልግም። `a[i] <= x` ይላል ኮዱ፤ 7 ከ7 ጋር እኩል ስለሆነ `i` አትቆምም። ትሄዳለች፣ ትሄዳለች፣ ከዝርዝሩ ጫፍ ታልፋለች። `j` እርምጃም አትንቀሳቀስም። ፒቮቱ መጨረሻው ቦታ ላይ ይቀመጣል። ግራው ሰባት ቁጥር ነው፣ ቀኙ ባዶ። ያ ሁሉ ጉዞ ተደርጎ የተቀነሰው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ቀጥሎ ስድስት ይቀራል፣ ከዚያ አምስት፣ እንዲህ እያለ። 7+6+5+4+3+2+1፣ ድምሩ 28። በ100,000 ቁጥር ሲሆን አምስት ቢሊዮን።

«ገባኝ፣ እኩሎቹ ሁሉ ግራ እየሄዱ ነው» አለች። እናም `=` ምልክቷን ከመጀመሪያው ሉፕ አንስታ ወደ ሁለተኛው አዛወረቻት፦ `a[i] < x` እና `a[j] >= x`። አስኬደችው፦

```
0 1 2 3 4 5 6
```

ያው በሽታ፣ በሌላ አቅጣጫ። አሁን `i` ወዲያው ትቆማለች፣ `j` ደግሞ እስከ ጥግ ትሮጣለች። ሁሉም እኩሎች ቀኝ ሄዱ። እዚህ ላይ ዝም ብዬ ጠበቅኳት፣ መልሱን ልነግራት ፈልጌ አፌን ይዤ።

መልሱ `=` ከሁለቱም ቦታ መጥፋቷ ነው። አንድ ምልክት መሰረዝ ብቻ፦

```cpp
while (i <= j && a[i] < x) i++;
while (i <= j && a[j] > x) j--;
```

አንድ ሰው ይህን ሲያይ የሚለው የታወቀ ነው፤ የቡድኗ ልጅም አለው፦ «እና 7ን ከ7 ጋር ሊቀያይር ነው? ምን ይረባል?» ምንም አይረባም። ቁጥሮቹ ላይ አንዳች ለውጥ አያመጣም። የሚለወጠው `i` እና `j` የሚገናኙበት ቦታ ነው። ሁለቱም እኩል ሲያጋጥማቸው ስለሚቆሙ፣ ተቀያይረው አንድ አንድ እርምጃ ይራመዳሉ። ስለዚህ የሚገናኙት መሃል ላይ ነው። ያ የማይረባ መቀያየር ዝርዝሩን ለሁለት እኩል የመክፈል ዋጋ ነው። `<=` የምትለው ግን ያን ሥራ የምታድን ትመስላለች፤ ቆጣቢ ትመስላለች። ለዚህ ነው ጤነኛ ሰው ኮዱን አንብቦ የሚያልፋት።

በስምንቱ ሰባቶች ላይ በእጃችን ተከተልነው። `i` 1 ላይ፣ `j` 7 ላይ፤ ተቀያየሩ። 2 እና 6፣ ተቀያየሩ። 3 እና 5፣ ተቀያየሩ። 4 እና 4፤ እዚህ አንድ ቁጥር ከራሱ ጋር ተቀያየረ። ከዚያ `i` 5 ላይ፣ `j` 3 ላይ፤ ተላልፈዋል። ፒቮቱ 3 ላይ ተቀመጠ። ግራው ሦስት ቁጥር፣ ቀኙ አራት። ኮዱም ሲሄድ ይሄንኑ አሳተመ፦

```
3 1 5 6
```

ሰባት ጥሪ የነበረው አራት ሆነ። ንጽጽሩ ከ28 ወደ 16 ወረደ። ስምንት ቁጥር ላይ ልዩነቱ አያስደንቅም። 100,000 ላይ ግን አምስት ቢሊዮኑ ከሁለት ሚሊዮን በታች ሆነ፣ ፕሮግራሙም ኢንተር እንደተመታ አለቀ።

«4 እና 4» ላይ ቆም ብላ ያነሳችው ጥያቄ ተገቢ ነበር፦ ከራሱ ጋር መቀያየሩ ነገር አያበላሽም ወይ? አያበላሽም። `i` እና `j` አንድ ቦታ ላይ ሊቆሙ የሚችሉት እዚያ ያለው ቁጥር ከፒቮቱ ጋር ፍጹም እኩል ሲሆን ብቻ ነው፤ ቢያንስ `i` ታልፈው ነበር፣ ቢበልጥ `j`። እኩል ከሆነ ደግሞ ከፒቮቱ ግራም ሆነ ቀኝ ቢቀር ችግር የለም። ነገር ግን `i++` እና `j--` እዚያ ባይኖሩ ሁለቱም ለዘላለም እዚያው ይቆሙ ነበር። አንዳንድ ሰው `=`ን ሲሰርዝ ማለቂያ የሌለው ሉፕ ውስጥ የሚገባው በዚህ ነው፦ መቀያየሩን ጽፎ መራመዱን ይረሳል።

ወደ ድሮ ሙከራዋ ልመለስ፤ እኔን ከሁሉም በላይ የገረመኝ እሱ ነው። የሚደጋገሙ ቁጥሮችን ሞክራ ነበር እኮ። ከ0 እስከ 99፣ 100,000 ቁጥር። ለምን አልያዘውም? ሂሳቡን እንሥራው። እያንዳንዱ ቁጥር 1,000 ጊዜ ያህል ይደጋገማል። ፓርቲሽኑ የተለያዩትን ቁጥሮች መለያየት አያቅተውም፤ የሚያቅተው እኩሎቹ ብቻቸውን ሲቀሩ ነው። አንድ የ1,000 እኩሎች ቡድን ግማሽ ሚሊዮን ንጽጽር ያስወጣል። መቶ ቡድን ሲሆን 50 ሚሊዮን። ይህ ለዛሬ ኮምፒውተር ከቁብ የሚገባ አይደለም። ቁጥሮቹ 0 እና 1 ብቻ ቢሆኑ ግን ሁለት የ50,000 ቡድኖች ይሆናሉ፤ ድምሩ 2.5 ቢሊዮን። ወጪው የሚወሰነው በትልቁ ቡድን ካሬ ነው እንጂ ድግግሞሽ በመኖሩ ብቻ አይደለም። ሙከራዋ ድግግሞሽ ነበረው፣ ትልቅ ቡድን ግን አልነበረውም።

የድሮው ኮድ ሌላም አደጋ ነበረው። ያ ኮድ ሰባቶቹን ሲደረድር አንድ ጥሪ በሌላው ውስጥ እየገባ 100,000 ያህል ይጠልቃል። የእሷ ላፕቶፕ ሊኑክስ ላይ ስለነበረ ጥሪዎቹ የሚቀመጡበት ሚሞሪ፣ ስታኩ፣ ቻለው። ስታኩ ጠባብ በሆነ ማሽን ላይ ግን ያው ኮድ ሳይዘገይ ይወድቃል፤ የምታየው መልእክት ስለ ጊዜ ሳይሆን ስለ ሚሞሪ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ሰው ባጉን ፈጽሞ በሌላ አቅጣጫ ይፈልገዋል።

ነገሩ የጀማሪ ብቻ አይደለም። ቶኒ ሆር ኩዊክሶርትን ያሳተመው በ1961 ነው። ሮበርት ሴጅዊክ የእኩል ቁጥሮችን ጉዳይ ለብቻው አጥንቶ የጻፈው በ1977፣ ከ16 ዓመት በኋላ። በ1991 ደግሞ ቤል ላብስ ውስጥ በደቂቃዎች ማለቅ የነበረበት የ`qsort` ሥራ ሰዓታት ሲፈጅ ተገኘ። ያ ምርመራ ነው ጆን ቤንትሊንና ዳግላስ ማኪልሮይን በ1993 ወዳሳተሙት አዲስ አጻጻፍ የወሰዳቸው። የእነሱ አጻጻፍ እኩሎችን ለብቻ ይሰበስባል።

ስለ እሱም ያን ማታ ተነጋግረናል። ሦስት ቦታ የሚከፍል ፓርቲሽን አለ፦ የሚያንሱ፣ እኩል የሆኑ፣ የሚበልጡ። ዳይክስትራ የሆላንድ ባንዲራ ችግር ብሎ የሰየመው ነው። ሁሉም 7 ከሆነ በአንድ ዙር ያልቃል፤ የእሷ የታረመው ኮድ ግን ሁሉም እኩል ቢሆኑም እስከ ታች መከፋፈሉን ይቀጥላል። ልጁ ይሻላል ብሎ ተከራከረ። እሷ እምቢ አለች። «ነገ የምተይበው ነው፣ ዛሬ ማታ የጀመርኩትን ኮድ አላትምም» አለች። እኔም ከእሷ ጋር ነበርኩ። ሁለት ሚሊዮን ንጽጽር ለአንድ ሰከንድ ገደብ ከበቂ በላይ ነው፤ አዲስ ኮድ ደግሞ አዲስ ባግ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ያልዘለለችው አንድ ነገር ነበር። ከ`part` ተቀድቶ የተሠራ ሌላ ኮድ በወረቀቱ ውስጥ ነበር፤ ሁሉንም ሳይደረድር በቅደም ተከተል `k`ኛ የሆነውን ቁጥር ብቻ ፈልጎ የሚያመጣ። ፋይሉ ውስጥ `<= x` ብላ ፈለገች። እዚያም ተቀምጣለች። ሰረዘቻት፣ ሰባቶቹን በሁለቱም ላይ ደግማ አስኬደች፣ ከዚያ አተመች።

ቅዳሜ ሦስተኛው ጥያቄ ይህንኑ የሚነካ ሆኖ መጣ። እስከ 100,000 የፈተና ውጤቶች ይሰጣሉ፣ የመሃሉን አውጡ ይላል። ኮዱን ከወረቀቱ ተይባ በመጀመሪያው ሙከራ አለፈች። አጠገባቸው የነበረው ቡድን `Time Limit Exceeded` እየወጣበት ሲታገል አየሁ። ከውድድሩ በኋላ ኮዳቸውን አሳዩኝ፤ ያው `<=`። መጀመሪያ የመሃሉን ቁጥር ፒቮት አደረጉ፣ ተጣለ። በዘፈቀደ አደረጉ፣ ተጣለ። ከሦስት ቁጥሮች መሃከለኛውን ወሰዱ፣ ተጣለ። ሦስቱም ለውጥ ፒቮት መምረጫው ላይ ነው፣ ፈተናው ውስጥ ደግሞ ሁሉም ተማሪ 50 ያገኘበት ፋይል አለ።

በአራተኛው አለፉ፤ 60 ደቂቃ ቅጣት ግን ተደምሮባቸዋል። ያለፉት ባጉን አግኝተው አይደለም። ከመካከላቸው አንዷ ጥያቄውን እንደገና አንብባ ውጤት ከ0 እስከ 100 ብቻ መሆኑን አየች፤ 101 ቆጣሪ ያለው አሬይ ከፍታ እያንዳንዱ ውጤት ስንት ጊዜ እንደመጣ ቆጠረች። ፓርቲሽንም መደርደርም አላስፈለጋትም። የእኔዋ ተማሪ ይህን ስትሰማ የታተመውን ወረቀት እያየች፣ «ኧረ ባክሽ!» አለቻት።